ሄሊኮፕተር ለምን ወደ ጎን አይገለበጥም? ፍጥነቱንስ የሚገድበው ምንድን ነው?

«ሰላም ለሁላችሁ። ሄሊኮፕተር ወደ ፊት ሲበር በአንድ በኩል ያለው ብሌድ ወደ ነፋሱ ይሮጣል፣ በሌላኛው በኩል ያለው ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ታዲያ አንዱ ጎን ብቻ እየተነሳ ለምን አይገለበጥም? አጎቴ ሚ-8 ያበሩ ነበር። ‹ከልክ በላይ ካስሮጥከው ይንቀጠቀጥና አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ ይነሳል› ይሉኛል። ለምን ወደ ላይ? ሞተሩ ጉልበት ካለውስ ለምን ዝም ብሎ አይፈጥንም?»

አጎትህ የነገሩህ ትክክል ነው። ጥያቄዎችህ ሦስት ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው የተያያዘ ነው፤ አንዱን ከያዝክ ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። እሳቸው ያበሩት የሩሲያውን ሚ-8 ሄሊኮፕተር ስለሆነ እኛም በእሱ ቁጥሮች እንሂድ።

ሚ-8 አምስት ብሌዶች አሉት። ሮተሩ፣ ማለትም ብሌዶቹን ይዞ ከላይ የሚሽከረከረው ክፍል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.3 ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ ደግሞ 192 ጊዜ ይዞራል። ይህቺን 192 ያዛት። ብዙ ሰው ሄሊኮፕተር ከፍ የሚለው ሮተሩን እያፈጠነ፣ የሚወርደው ደግሞ እያዘገመ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። ሲነሳም ሲወርድም ሲፈጥንም ሮተሩ በዚያው ፍጥነት አካባቢ ነው የሚዞረው፤ የሚለወጠው ብሌዱ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ነው።

እያንዳንዱ ብሌድ ረጅምና ቀጭን የአውሮፕላን ክንፍ ነው። የማንሳት ኃይሉን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብሌዱን የሚገጥመው አየር ፍጥነት ነው፤ እሱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ማዕዘኑ ነው። ማዕዘኑ ሲጨምር ኃይሉም ይጨምራል፣ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ብቻ። እንደ ብሌዱ ቅርጽ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አየሩ የብሌዱን ጀርባ ተከትሎ መፍሰስ ያቅተውና ይላቀቃል። ያኔ የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ደግሞ ያሻቅባል። ስቶል የሚባለው ይሄ ነው። አየሩ ምንም ያህል ቢፈጥን ማዕዘኑ ካለፈ ስቶል አይቀርም።

ፓይለቱ ማዕዘኑን የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። በግራ እጁ የያዘው ኮሌክቲቭ የአምስቱንም ብሌዶች ማዕዘን እኩል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ማሽኑ በዚህ ይነሳል፣ ይወርዳል። በቀኝ እጁ የያዘው ሳይክሊክ ደግሞ እያንዳንዱ ብሌድ በአንድ ዙር ውስጥ የት ጋ ብዙ ማዕዘን፣ የት ጋ ትንሽ ማዕዘን እንደሚኖረው ይወስናል። በእግሩ ያሉት ፔዳሎች የጅራቱ ሮተር ናቸው፤ ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልጉንም።

ሁለቱንም ትዕዛዝ ወደ ብሌዶቹ የሚያደርሰው ስዋሽ ፕሌት ነው። ከሮተሩ ራስ ሥር ያለ ጥንድ ቀለበት ነው፤ የውስጡ አይዞርም፣ የውጩ ከሮተሩ ጋር ይዞራል፣ ከውጩ ወደ እያንዳንዱ ብሌድ ሥር አንዳንድ ዘንግ ይወጣል። ዕድሉ ካለህ ማሽኑ ሞተሩ ጠፍቶ መሬት ላይ ቆሞ ሃይድሮሊኩ ሲሠራ ሮተሩ አጠገብ ቁምና ውስጥ ያለው ሰው ሳይክሊኩን እንዲያነቃንቅልህ ጠይቅ። ስቲኩ በተነካ ቁጥር ቀለበቱ ዘንበል ሲል ታያለህ። እንደዘነበለ ተይዞ ሮተሩን በእጅህ ቀስ ብለህ ስታዞረው አንዱ ብሌድ በአንድ ዙር ውስጥ ሲጠመዘዝና ሲመለስ በዓይንህ ትከተለዋለህ። በበረራ ላይ ይሄው ነገር በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከምናምን ይደጋገማል።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

ሚ-8 አየር ላይ በቆመበት የብሌዱ ጫፍ በሰከንድ 214 ሜትር ይጓዛል፤ በሁሉም ጎን እኩል ነው። ወደ ፊት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይብረር እንበል፤ በሰከንድ 69 ሜትር ማለት ነው። የሚ-8 ሮተር ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በግራ በኩል ያለው ብሌድ ወደ ፊት ይገሰግሳል፣ ጫፉም 214 ሲደመር 69፣ ማለትም በሰከንድ 283 ሜትር የሚፈጥን አየር ይገጥመዋል። በቀኝ በኩል ያለው ከነፋሱ ይሸሻልና ጫፉ የሚያገኘው 145 ብቻ ነው። ማዕዘናቸው እኩል ቢሆን የግራው ጫፍ ከቀኙ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ የማንሳት ኃይል ይኖረው ነበር። የፈራኸው መገልበጥ ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ፍርሃትህም ልክ ነው።

የምዕራባውያኑን ማኑዋል ብታነብ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ታገኘዋለህ፤ የአሜሪካዎቹ የቤልና የሲኮርስኪ ሮተሮች ወደ ግራ ስለሚዞሩ ሸሺው ብሌድ በግራ በኩል ነው። የፈረንሳይ ማሽኖች ብዙዎቹ እንደ ሩሲያዎቹ ናቸው። ዩቲዩብ ላይ አይተህ ከአጎትህ ጋር ብትከራከር ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከጫፉ ወደ መሃል ስትመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብሌዱ ወደ ሥሩ በቀረበ ቁጥር የራሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ማሽኑ ወደ ፊት የሚሄድበት 69 ግን አይቀንስም። በሸሺው ጎን ከሮተሩ መሃል 3.4 ሜትር ገደማ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆኑና ብሌዱ ምንም አየር አይገጥመውም። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው የብሌዱ ክፍል ደግሞ አየሩ ከኋላው ነው የሚመታው። 10.6 ሜትር ከሆነው ብሌድ አንድ ሦስተኛው ለማንሳት ምንም አይረዳም ማለት ነው። የቀረው ክፍል የእሱንም ድርሻ ይሸከማል።

ታዲያ ለምን አይገለበጥም? ሮተር የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ መብረሪያዎች በእርግጥም ይገለበጡ ነበር። ስፔናዊው መሐንዲስ ኹዋን ደ ላ ሲየርቫ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አውቶጃይሮ የሚባለውን፣ ሮተሩን ሞተር ሳይሆን የሚገጥመው አየር የሚያዞረውን መብረሪያ ሲሠራ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቹ ፍጥነት ሲይዙ ወደ ጎን ዘንበል እያሉ ተሰባበሩበት። ትንሹ ሞዴሉ ግን ያለችግር ይበር ነበር። ልዩነቱ የሞዴሉ ብሌዶች የሚተጣጠፉ መሆናቸው ነበር፤ ትልቁ ማሽን ላይ ያሉት ደረቅ ናቸው። ሲየርቫ ይህን ሲያይ ብሌዶቹን ከሮተሩ ራስ ጋር በማጠፊያ አገናኛቸው፤ ልክ ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፍ እንዲችሉ። ሲ.4 የተባለው አውቶጃይሮ በጃንዋሪ 1923 ማድሪድ አጠገብ ጌታፌ ላይ ሳይገለበጥ በረረ።

ማጠፊያው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ ብሌዱ በኃይል ሲነሳ ከሥሩ ስለሚታጠፍ ያንን የመገልበጥ ኃይል ወደ ማሽኑ አካል ብዙም አያስተላልፍም። ደረቅ ቢሆን ኖሮ ብሌዱ የሮተሩን ራስ ይዞ ይጠመዝዘው ነበር። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ገስጋሹ ብሌድ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር አየሩ ከላይ ወደ ታች እንደሚመጣ ሆኖ ይገጥመዋል፤ በዚህ ምክንያት የመግጠሚያ ማዕዘኑ ይቀንሳል። ሸሺው ብሌድ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ማዕዘኑ ይጨምራል። ማንም ሳያዘው የበዛለት እየቀነሰ፣ ያነሰው እየጨመረ ግራና ቀኙ ይመጣጠናሉ።

ግን በነፃ አይደለም። ብሌዱ በግራ በኩል ብዙ ኃይል ስላገኘ እዚያው በግራ በኩል ከፍ የሚል ይመስልሃል። አይደለም። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን አስብ፤ በኃይል የሚያልፈው ታች ላይ ነው፣ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ግን ቆይቶ ነው። ብሌዱም እንደዛው፣ ትርፍ ኃይል እስካለው ድረስ መነሳቱን ይቀጥልና ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ሩብ ዙር ከሄደ በኋላ ነው። በሚ-8 ከግራ ሩብ ዙር ብትቆጥር አፍንጫው ጋ ትደርሳለህ። ስለዚህ ብሌዶቹ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይላሉ፣ ሮተሩ በሙሉ ወደ ኋላ ይጋደማል። ያለመመጣጠኑ ግራና ቀኝ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ፊትና ኋላ ላይ የሚወጣው በዚህች ሩብ ዙር ምክንያት ነው። ይህችን አትርሳ፤ አጎትህ ያሉት «አፍንጫው ይነሳል» የሚለውም ከእሷ ነው የሚመጣው።

ሮተሩ ወደ ኋላ ከተጋደመ ማሽኑ ፍጥነቱን ያጣል። ፓይለቱ እንዲፈጥን ከፈለገ ሳይክሊኩን ወደ ፊት ይገፋል፤ በፈጠነ ቁጥርም የበለጠ መግፋት አለበት። ስቲኩን ወደ ፊት ሲገፋ ብሌዱ ላይ የሚሆነውን እይ። ሮተሩ ከፊት ዝቅ እንዲል ከሩብ ዙር በፊት፣ ማለትም በግራ በኩል፣ ማዕዘኑ ማነስ አለበት። ከኋላ ከፍ እንዲል ደግሞ በቀኝ በኩል ማዕዘኑ መብዛት አለበት። ስዋሽ ፕሌቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አየር ለሞላለት ገስጋሽ ማዕዘን ይቀንስበታል፣ አየር ላጠረው ሸሺ ማዕዘን ይጨምርለታል። ቀጥ ብሎ በሚበር ሄሊኮፕተር ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዋናነት ይሄ ነው።

ሒሳቡ ግን የሚከፈለው በሸሺው ብሌድ ነው። ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ሸሺው ብሌድ አየር እያነሰው ነው፤ አየር ባነሰው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ማዕዘን ይጠየቃል። ገስጋሹ ሊያነሳ የሚችለው ብዙ ኃይል አለው፣ ግን አይጠቀምበትም፤ ሸሺው ከሚችለው በላይ ቢያነሳ ሚዛኑ ይበላሻል። የሁለቱንም ልክ የሚወስነው ደካማው ጎን ነው። ይህ እየቀጠለ ሄዶ የሆነ ፍጥነት ላይ የሸሺው ብሌድ ማዕዘን ወሰኑን ያልፋል፣ መጀመሪያ ጫፉ አካባቢ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየሰፋ ስቶል ያደርጋል። አጎትህ ያሉት መንቀጥቀጥ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አምስቱ ብሌዶች ተራ በተራ በቀኝ በኩል ሲያልፉ እያንዳንዳቸው ኃይላቸውን ያጡና መልሰው ያገኛሉ፤ ይህ በሰከንድ 16 ጊዜ ወንበሩን፣ ስቲኩን፣ ወለሉን ይመታዋል።

ስቶሉ ከሰፋ ብሌዱ በቀኝ በኩል ኃይሉን ያጣና ይወድቃል። ዝቅታው ላይ የሚደርሰው ግን ከሩብ ዙር በኋላ ነው፤ በሚ-8 ከቀኝ ሩብ ዙር ጅራቱ ጋ ነው። ሮተሩ ከኋላ ዝቅ አለ ማለት ወደ ኋላ ተጋደመ፣ አፍንጫው ተነሳ ማለት ነው። አጎትህ ልክ ናቸው ያልኩህ ለዚህ ነው። አፍንጫው ከመነሳቱ ጋር ማሽኑ ወደ ሸሺው ጎን፣ ማለትም በሚ-8 ወደ ቀኝ፣ የመንከባለል አዝማሚያም ያሳያል። በቤል ቢሆን ወደ ግራ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሰው ደመ ነፍስ የሚያሳስተው። አፍንጫው ሲነሳ እጅህ ስቲኩን ወደ ፊት ሊገፋ ይፈልጋል። ግን ወደ ፊት መግፋት ማለት ለቀኙ ብሌድ ተጨማሪ ማዕዘን መስጠት ነው፣ እሱ ደግሞ የታመመው በማዕዘን ብዛት ነው። ስቶሉ ይብሳል። ከፍታ እንዳይጠፋ ብሎ ኮሌክቲቩን መሳብም ያው ነው። ትክክለኛው መጀመሪያ ኮሌክቲቩን ዝቅ ማድረግ ነው፤ የሁሉም ብሌዶች ማዕዘን ወዲያው ይቀንስና አየሩ መልሶ ይይዛል። ከዚያ ስቲኩን በቀስታ ወደ ኋላ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ። ማሽኑ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እየዞረ ከነበረ ቀና ማድረግ፤ የሮተሩ የመዞር ፍጥነት ወርዶ ከነበረ ወደ ቦታው መመለስ። ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ስቲኩን በድንገት ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ደግሞ ሮተሩ ላይ ሌላ ጭነት ይጨምርበታል።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ስቶል አይደለም። ቀጥ ብሎ ሲወርድ በራሱ የታች አየር ውስጥ የሚገባበት አለ፤ እሱ በዝግታ ፍጥነት ነው የሚመጣው። ከቆመበት ተነስቶ ወደ ፊት መሄድ ሲጀምርም ለአፍታ ይንቀጠቀጣል፣ ያልፋል። የሸሺው ብሌድ ስቶል የሚታወቀው ፍጥነቱ ከፍተኛ ሲሆን፣ ወይም ከባድ ጭነት ተይዞ ጠበቅ ያለ ዙር ሲደረግ መንቀጥቀጡ እየጨመረ መጥቶ አፍንጫው ሲከተል ነው።

ይህን ለኛ አገር የሚያቀርበው ደግሞ ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን እዚያ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ያው ክብደት፣ ያው 192 ዙር ከሆነ፣ ጎደሎውን የሚሞላው ማዕዘን ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ብሌድ አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ሥራ ይጠበቃል። ሸሺው ብሌድ ገና ሳይፈጥን ወደ ወሰኑ ተጠግቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ስለሆነ በሳሳ አየር ውስጥ ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። በዚያ ቀን ዳሻቦርዱ ላይ 250 ቢል እውነተኛው ፍጥነት 290 ገደማ ነው። የሸሺው ብሌድ ጫፍ ከ145 ወደ 134 ይወርዳል፣ ያውም አየሩ በሳሳበት። ለዚህ ነው የሚ-8 ማኑዋል 250ን ለዝቅተኛ ከፍታ ብቻ የሚፈቅደውና ከፍታና ክብደት ሲጨምሩ ቁጥሩን ደረጃ በደረጃ የሚያወርደው። ዙርን ጨምርበት። 30 ዲግሪ ዘንበል ብለህ ከፍታህን ጠብቀህ ብትዞር ሮተሩ ከማሽኑ ክብደት በ15 በመቶ የበለጠ ማንሳት አለበት፣ በ45 ዲግሪ በ41 በመቶ የበለጠ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ እጥፉን። ቀጥ ብሎ ሲበር ደህና የነበረ ማሽን ሙሉ ጭኖ ተራራ ዳር ጠበቅ አድርጎ ሲዞር ስቶል ሊያደርግ የሚችለው ከዚህ የተነሳ ነው። ፍጥነቱ ከወሰኑ በታች ነው ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ቁጥሩ ከክብደቱ፣ ከከፍታው፣ ከሙቀቱና ከዙሩ ጋር ነው የሚነበበው።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ ሞተሩ ጉልበት ካለው ለምን አይፈጥንም? እንግዲህ ችግሩ ጉልበት እንዳልሆነ አየህ። «ሮተሩን ራሱን በፍጥነት አዙረው፣ ሸሺውም ብዙ አየር ያገኛል» ልትል ትችላለህ። ግራውን እይ። ገስጋሹ ጫፍ 283 ላይ ነው፣ ድምፅ ደግሞ 15 ዲግሪ ሙቀት ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። 83 በመቶው ላይ ደርሷል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ጫፉ ላይ ሾክ ዌቭ የሚባል ድንገተኛ የአየር ግፊት ሞገድ ይፈጠራል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ያድጋል፣ ጩኸቱና ንቅናቄው ይብሳል። ሮተሩን ብታዘገመው ቀኙ ስቶል ያደርጋል፣ ብታፈጥነው ግራው የድምፅን ፍጥነት ይጠጋል። መሐንዲሱ በሁለቱ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ነው የሚሠራው።

ያችን ቦታ ለማስፋት የተሠራው ሥራ በጣም የሚገርም ነው። በኦገስት 1986 እንግሊዞች የዌስትላንድ ሊንክስን ብሌድ ጫፍ እንደ መቅዘፊያ አስፍተው ወደ ኋላ ጠረጉት፤ ያው ጫፍ በአንድ ጎን ለድምፅ ፍጥነት፣ በሌላው ጎን ለትልቅ ማዕዘን እንዲችል ነው። በሰዓት 400.87 ኪሎ ሜትር በረሩ፤ ለመደበኛ ሄሊኮፕተር ይፋዊ ክብረ ወሰኑ ይሄ ነው። ሲኮርስኪ ኤክስ2 በተባለው የሙከራ ሄሊኮፕተሩ ላይ የመረጠው መንገድ ግን ሸሺውን ከነጭራሹ ማሳረፍ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ደረቅ ሮተሮች አሉት፤ በግራም በቀኝም ገስጋሽ ብሌድ አለ፣ እነሱ እርስ በርስ ይመጣጠናሉ፣ ሸሺዎቹ ማዕዘን መጨመር አይጠበቅባቸውም። የሚገፋው ደግሞ ጅራቱ ላይ ያለ ፕሮፔለር ስለሆነ ሮተሩ ወደ ፊት መጋደም የለበትም። በሴፕቴምበር 2010 በሰዓት 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሷል፤ ያኔም ቢሆን ፍጥነቱ ሲጨምር ሮተሮቹን ማዘግየት ግድ ነበር፣ ገስጋሹ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት እንዳይደርስ።